የጓደኛዬን ጾም አውቃለሁ

የተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፣ የተከበራችሁ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች፣ ውድ ተማሪ ጓደኞቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ትናንት ኅዳር 7 ቀን ዓለም አቀፍ የመቻቻል ቀን ነበር። የዩኔስኮ አባል አገሮች በ1995 እ.ኤ.አ. ስለ መቻቻል የመርሆዎች መግለጫ ያጸደቁበት ዕለት ነው። እሑድ ስለዋለ ለዛሬ ሰኞ ተላለፈ፤ ሚኒ ሚዲያውም ንግግሩን ለእኔ ሰጠኝ። የጎንደር የኅዳር ብርድ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ብዙ አላቆማችሁም።

«ሁላችንም አንድ ነን፣ ምንም ልዩነት የለንም» የሚለውን ንግግር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰልፍ ላይ እየሰማን ነው ያደግነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ልዩነት አለን። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ኦርቶዶክስ ናት፤ ከኋላችን ያለው ልጅ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነው፣ እሑድ እሑድ ቸርች ይዘምራል። እምነታችን አንድ አይደለም፣ ጾማችን አንድ አይደለም፣ ሥጋ እንኳ አብረን አንበላም። እንዲያም ሆኖ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ።

የሠርግ ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጎንደር ውስጥ ክርስቲያን ጎረቤት ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ሳይጠራ አይደግስም። ጠርቶም «እንግዲህ ያለውን ብሉ» አይልም። ከብት ለብቻ ይገዛል ወይም በግ ይነዳል፤ የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ቢላው፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ ሁሉ ለብቻ ይሆናል፤ የሚሠሩትም ሙስሊም ሴቶች ናቸው። ሙስሊሙ ሲደግስም እንደዚያው ነው። እናቴ ለጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ወጡን ስትሠራ ሁለት ቀን ቤታችን አልገባችም፤ እኛ ሽሮ በልተን ከረምን። እስቲ አስቡት፣ ደጋሹ ይህን ሁሉ ድካምና ወጪ የሚሸከመው ለምንድን ነው? አንድ ላይ ቀቅሎ ዝም ማለት ይቀለው ነበር። እሱ ግን እንግዳው ሃይማኖቱን ደጅ ጥሎ እንዲገባ አይፈልግም፤ ከነሃይማኖቱ እንዲገባ ነው የሚፈልገው። ለእኔ መቻቻል ማለት ያ ሁለተኛው ድስት ነው።

እኛም በምሳ ዕቃችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጓደኛዬ ረቡዕና ዓርብ እንደምትጾም ስለማውቅ በእነዚያ ቀናት እንቁላል ይዤ መጥቼ «ቅመሽ» አልላትም። እሷም ሥጋ የያዘች ቀን ገና ሳልጠይቃት «ዛሬ የኔን አትነኪም» ትለኛለች። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን የሆነ ቀን ግን ማን የማንን እንደበላ አናውቅም። በነገራችን ላይ የእሷ እናት ሽሮ ከእናቴ ይበልጣል። ይህን ቤት እንዳትነግሩብኝ።

እንዲህ ያለ ንግግር ላይ የነጃሺ ታሪክ ሳይነሳ አይቀርም። በ615 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው መጡ፣ የአክሱሙ ክርስቲያን ንጉሥ ተቀብሎ አስጠጋቸው። የምንኮራበት ታሪክ ነው። እኔ ግን የራሳችንን ከተማ ታሪክ ማንሳት ፈለግሁ፣ ምክንያቱም የእኛው ሁልጊዜ እንደዚያ ያማረ አልነበረም።

አዲስ ዓለም እንዴት እንደተመሠረተ የምታውቁ ስንት ናችሁ? ሰፈሬ ነው። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ ጉባኤ ተደርጎ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። ቤተ እስራኤሎችም እንደዚሁ ተለዩ። ሙስሊሞቹ ወደ ቀሃ ወንዝ በኩል ወርደው ሠፈሩ። አያቶቻችን የሰፈሩትን ቦታ መርጠው አልመጡም። ግን ልብ በሉ፤ ትእዛዙ ቤቱን ለየው እንጂ ገበያውን መለየት አልቻለም። ነጋዴው ሙስሊም ነበር፤ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ የሚወርደውን ቅፍለት የሚመራው እሱ ነበር። ሸማ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ነበር። ማረሻና ቢላ የሚቀጠቅጠው፣ ድንጋይ የሚጠርበው፣ ሸክላ የምትሠራው ቤተ እስራኤል ነበሩ። በየዓመቱ ቱሪስት የሚጎርፍበትን፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ ግንብ በመሥራት የቤተ እስራኤል እጅ አለበት። በሌላ ቀን ግን እነዚያኑ እጆች ሰው ይፈራቸው፣ ይጸየፋቸው ነበር። ቡዳ ይሏቸው ነበር።

ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ወለቃ ስትደርሱ ጸሎት ቤታቸው ዛሬም አለ፤ ሸክላውም እየተሸጠ ነው። ባለቤቶቹ ግን አብዛኞቹ የሉም። ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ሄዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠባበቁ ቤተሰቦች አሁንም ከተማችን ውስጥ አሉ። የስግድ በዓል በዚህ ሳምንት ሐሙስ ነው። እዚህ ከቆምነው መካከል ይህን የሚያውቅ ብዙ አይመስለኝም። ሦስት መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ አብረን ኖረን በዓላቸውን እንኳ የማናውቅ ከሆነ አብሮ መኖሩ ምኑ ላይ ነበር እላለሁ።

ሚያዝያ 2014ንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። መምህሬ «ይቅርብሽ» ብለውኝ ነበር፤ ከዚያ ግን ረቂቁን አንብበው ፈቀዱልኝ፣ አመሰግናቸዋለሁ። ትንሣኤ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ረመዳንም ገና ሳይወጣ፣ በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሳ ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ንብረት ወደመ። ያኔ ልጆች ነበርን፤ ግን እናስታውሳለን። እኔ የማስታውሰው የሰፈራችንን እድር ሊቀመንበር ነው። ክርስቲያን ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በርጩማ ይዘው መጥተው ከአጥራችን በር ላይ ተቀመጡ። አባቴ «ግቡ» ቢላቸው «እዚሁ ይሻለኛል» አሉ። እሳቸው ስለ መቻቻል ንግግር ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲያውም ትንሽ ቁጡ ሰው ናቸው፣ ኳሳችንን ሁለት ጊዜ ቀደውብናል። ግን የአባቴን ስም፣ የእኛን የልጆቹን ስም፣ አያቴ የሞተበትን ቀን ያውቃሉ። ለቅሷችን ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቴም የእናታቸውን አስከሬን ተሸክሟል። በዚያች ሌሊት ከሩቅ የመጣ ሰው «እስላም» ብሎ የሚጠራውን ቤት እሳቸው በየስማችን ነበር የሚያውቁት።

አሁን ደግሞ ግጭት ከሰፈር ሳይሆን ከስልክ ነው የሚመጣው። ቲክቶክ ላይ የሃይማኖት ክርክር ነው የሚሉት፣ ከክርክሩ ይልቅ ስድቡ የሚበዛ ቪዲዮ አለ። ተቆርጦ የእኛም ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይገባል። ያየሁትን ልንገራችሁ። እስልምናን የሚሳደብ ቪዲዮ ሲለቀቅ እኔ ብቃወም «እሷማ ሙስሊም ስለሆነች ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ነገሩም ይብሳል። ክርስቲያን ልጅ «ይህን አጥፋው» ካለ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ክርስትናን ወይም ፕሮቴስታንቶችን የሚዘልፍ ነገር ከሙስሊም ልጅ ሲመጣ ዝም የማትሉ እናንተ ሙስሊሞቹ ሁኑ። ሰው ከሌላው ይልቅ የራሱን ወገን ይሰማል። «ጴንጤ» እያላችሁ የምታሾፉም አላችሁ፣ ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27 ላይ ማንኛውም ሰው የፈለገውን ሃይማኖት የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። የሚቀረን የዕለት ተዕለቱ ነው፤ እሱንም እንዲህ በቀላሉ ልንጀምረው እንችላለን።

በሚቀጥለው ሰኞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። ወንድሜ ባጃጅ ስለሚነዳ ጥምቀትን ከእናንተ እኩል ነው የሚጠብቀው። ዋናው ግን የካቲት ነው። ዘንድሮ ዓቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃዋ ስትታይ በዚያው ሳምንት ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ማለትም የዚህ ትምህርት ቤት አብዛኛው ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጾም ይጀምራል። አንዱ ጎህ ሳይቀድ በልቶ እስከ መግሪብ ውኃ እንኳ አይቀምስም፤ ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። የምንጾመው ይለያያል፤ ከሰዓት በኋላ ስፖርት ሲደርስብን ግን የሚዞረው የሁላችንም ራስ ነው።

ስለዚህ ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን በሁላችንም ስም ጥያቄ አለኝ። በጾሙ ወራት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ወደ ጠዋት ቢመጣልን። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ፈተናም የቡድን ሥራም ባይደረግ። የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርትም ቅዳሜን ለሚያከብሩ ተማሪዎች በሌላ ቀን የሚካካስበት መንገድ ቢፈለግ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ።

ከእናንተ ከተማሪዎቹ የምፈልገው ደግሞ ትንሽ ሥራ ነው። ሚኒ ሚዲያው ክፍል ትልቅ ወረቀት ዘርግተናል፤ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት በሙሉ፣ የሁሉንም እምነት፣ እየጻፍንበት ነው። የክርስቲያኖቹን ያለ ሰንበት ተማሪ ልጆች፣ የእኛን ያለ መድረሳ ልጆች መሙላት አንችልም። የስግድን እኔ ጽፌዋለሁ። የፕሮቴስታንቶቹና የካቶሊኮቹ ቦታ ገና ባዶ ነው፤ ከኋላችን የሚቀመጠው ልጅ ቃል ገብቶልኛል፣ ከዚህ ሆኜ አየሁት፣ አንገቱን ደፍቷል። የክፍል አለቆች እስከ ረቡዕ የየክፍላችሁን አምጡልን፤ ሐሙስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። እስክርቢቶ ይዛችሁ ኑ፣ የእኛ አልቋል።

አመሰግናለሁ።