የመግቢያ ገጽ መቋረጥ፦ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከቀኑ 7፡40 እስከ 10፡55 ድረስ አከፋፋዮች ትዕዛዝ ወደሚያስገቡበት ድረ ገጽ መግባት አልቻሉም። የጠፋ ወይም ለሌላ ሰው የታየ መረጃ የለም። የስልክ መተግበሪያው በኩኪ ስለማይሠራ አልተነካም። ችግሩን ያመጣው አንድ መስመር ነው፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። የሙከራ ሰርቨሩን የቅንብር ፋይል ወደ ዋናው ስገለብጥ ይህ አብሮ ሄደ፦

```
SESSION_COOKIE_DOMAIN = ".test.example.com"
```

ዋናው ገጽ ያለው `portal.example.com` ላይ ነው። ብራውዘር የሌላ አድራሻ ስም የያዘ ኩኪ ሲሰጠው ምንም ሳይናገር ይጥለዋል። ስለዚህ ደንበኛው ትክክለኛ ይለፍ ቃል ያስገባል፣ ሰርቨሩ «ገብቷል» ብሎ ይመዘግባል፣ ቀጣዩ ገጽ ግን ማንነቱን የሚያሳይ ነገር ስለማያገኝበት መልሶ ወደ መግቢያው ይሰደዋል። የስህተት መልእክት የለም፤ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ብቻ።

የእኛ ማስጠንቀቂያ የሚቆጥረው የተሳሳተ ይለፍ ቃልንና የሰርቨር ስህተትን ነው፤ ሁለቱም ጸጥ ብለው ዋሉ። እንዲያውም ሰዉ ደጋግሞ ስለሞከረ «የተሳካ መግቢያ» ከወትሮው በዝቶ ነበር። ግራፉን አይቼ ገበያው ደራ ብዬ ነበር። ቢሮ ያለነው ደግሞ ጠዋት የተሰጠን ኩኪ ስላልተሻረ ምንም አልታወቀንም።

የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው 8፡05 ላይ ነው። ከደሴ የደወሉ ደንበኛ «ይለፍ ቃሌን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፤ አሁን የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀው» አሉ። ስልክ የተቀበለችው ባልደረባችን «ከ8 ሰዓት ጀምሮ» ብላ መዘገበች። እኔም መዝገቡን ከፍቼ 8፡00ን ፈለግሁ፤ ሁሉም ደህና ነው። የሰርቨሩ ሰዓት ግን ዩቲሲ ነው፤ የእኛ 8 ሰዓት እዚያ 11፡00 ነው። ለውጡ ከመግባቱ በፊት የነበረውን ረፋድ ስመረምር 40 ደቂቃ አለፈ። ይህን ስህተት ከዚህ በፊትም ሠርተነዋል፤ ያኔ ግን ዋጋ አላስከፈለንም።

ቁልፉ የተገኘው 10፡30 ላይ፣ ያችው ባልደረባችን በብራውዘሯ የግል መስኮት ከፍታ እንደ አዲስ ለመግባት ስትሞክር ነው። እሷም እንደ ደንበኞቹ ተመለሰች። መስመሩን አርመን እስክናወጣ 25 ደቂቃ ወሰደ። በዚያ ከሰዓት ይለፍ ቃል ለቀየሩ 64 ደንበኞች በማግስቱ ደውለን ጥፋቱ የእነሱ እንዳልነበር ነግረናል።

ከትናንት ጀምሮ በየ5 ደቂቃው ምንም ኩኪ በሌለው ብራውዘር ገብቶ የትዕዛዝ ገጹን የሚከፍት ፍተሻ እየሠራ ነው። የኩኪው አድራሻ ከገጹ ጋር ካልገጠመም ሰርቨሩ አይነሣም። የቅሬታ መመዝገቢያው ቅጽ ሰዓትን በኢትዮጵያና በዩቲሲ ጎን ለጎን ያሳያል። የሙከራውንና የዋናውን ፋይል መለየት ገና አልተጀመረም፤ እስከ ታኅሣሥ 6 ድረስ የምጨርሰው እኔ ነኝ። እስከዚያ ፋይል በእጅ መገልበጥ ቆሟል።