የውጤት ትንተና፦ የብረትና የአሉሚኒየም ቴንሳይል ሙከራ

የብረትና የአሉሚኒየም ናሙናዎችን ስበን ካገኘነው ውጤት ትልቁ ችግር ያለው የኢላስቲክ ሞጁለሱ፣ ማለትም የግትርነቱ መለኪያ፣ ላይ ነው። ለብረት 40፣ ለአሉሚኒየም 29 ጊጋፓስካል አገኘን። የሚጠበቀው ግን 200 እና 70 አካባቢ ነበር። ናሙናዎቹ ግን ጤነኞች ናቸው፤ ጥፋቱ የአለካካችን ነው። የናሙናውን መለጠጥ በቀጥታ የሚለካ ኤክስቴንሶሜትር ስላልነበረን የወሰድነው የማሽኑን ተንቀሳቃሽ ራስ ጉዞ ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ የመንጋጋዎቹና የማሽኑ አካል መለጠጥም አለበት።

ስህተቱ በብረቱ ላይ ለምን ባሰ? ብረቱ ግትር ስለሆነ በራሱ የሚለጠጠው ትንሽ ነው። ስለዚህ የማሽኑ ድርሻ አብላጫውን ይይዛል። ጥንካሬው ግን በዚህ አይነካም፤ የሚሰላው ከጭነትና ከናሙናው የመስቀለኛ ቁራጭ ስፋት ብቻ ነው።

ስፋቱም ቢሆን ከስህተት አያመልጥም። በካሊፐር ስንለካ 10 ሚሊሜትር ዲያሜትር ላይ 0.05 ብንስት፣ በስፋቱ ላይ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከሞጁለሱ ስህተት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የብረቱ ግራፍ መጀመሪያ ላይ ጎበጥ ያለው ናሙናው መንጋጋው ውስጥ ስለተንሸራተተ ይመስለናል። ሲወጣ ጫፉ ላይ የተፋቀ መስመር አይተናል።

የብረቱ ዪልድ ነጥብ፣ ማለትም በቋሚነት መለጠጥ የሚጀምርበት፣ በግልጽ ይታያል። የአሉሚኒየሙ ግራፍ ግን ቀስ እያለ ስለሚታጠፍ፣ ዪልዱን ለማግኘት ከመጀመሪያው ተዳፋት ጋር ትይዩ የሆነ የ0.2 በመቶ መስመር አሰመርን። መስመሩ የተሰመረው በተሳሳተው ተዳፋት ስለሆነ ያገኘነውን የ148 ሜጋፓስካል ዪልድ በጥንቃቄ ማየት ይሻላል።

አሉሚኒየሙ የተበጠሰው መርዘሙን ለመለካት ካደረግናቸው ምልክቶች ውጭ ነው። ስለዚህ 9 በመቶ ያልነው መርዘም ከእውነተኛው ሳያንስ አይቀርም።