የአዲስ አበባ ሸማቾች ለአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ብራንዶች ያላቸው አመለካከት፦ የመመረቂያ ጥናት ፕሮፖዛል

በመርካቶ ሸራ ተራ የሚሰፉ አንዳንድ ጫማዎች የውጭ ስም ታትሞባቸው መሸጣቸው፣ ሸማቹ የሚመዝነው ምርቱን ነው ወይስ ስሙን የሚል ጥያቄ ያስነሳል። የጥናቱ ዓላማም ጥራት፣ ዋጋና ለአገር ምርት ያለ ወገንተኝነት በመግዛት ፍላጎት ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ መለየት ነው።

በመርካቶና በፒያሳ ለሚገኙ 200 ጫማ ገዢዎች፣ ሺምፕና ሻርማ እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቁትን የሸማች ወገንተኝነት መለኪያ ያካተተ የአማርኛ መጠይቅ ይቀርባል። ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ግን ለሙከራው ክፍል ነው፤ ግማሾቹ አንድን ጫማ በአገር ውስጥ ስም፣ ግማሾቹ ያንኑ ጫማ በውጭ ስም አይተው ዋጋ ይገምታሉ፤ በመጨረሻም እውነቱ ይነገራቸዋል። ናሙናው በአመቺነት ስለሚመረጥ ግኝቱ ለመላው ከተማ አይጠቀለልም።

የጽሑፍ ዳሰሳው በኅዳር፣ የመጠይቁ ቅድመ ሙከራ በታኅሣሥ ይከናወናል። መረጃው የበዓል ገበያ መልሱን እንዳያዛባ በየካቲት ይሰበሰባል፤ ትንተናው በመጋቢት ተሠርቶ ጽሑፉ በግንቦት ለአማካሪ ይቀርባል።