ለተጋቢኖ ሽሮ የሜኑ ፎቶ፦ ወደ ምስል ሠሪው ፕሮግራም የሚገቡ ጽሑፎች

እነዚህ ጽሑፎች የተዘጋጁት በአዲሱ ሜኑ የጾም ገጽ ላይ ለሚወጣው የተጋቢኖ ሽሮ ምስል ነው። ለእያንዳንዱ ምስል የሚሆነው ጽሑፍ ለብቻው ይገባል፤ ከእያንዳንዱም ጋር የወጥ ቤታችን ልጆች በስልክ ያነሱት የራሳችን ድስትና ትሪ ፎቶ መያያዝ አለበት። ያለዚያ ፎቶ የተሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ያማሩ ቢሆኑም ድስቱን ከምናቀርበው እጥፍ አሳድገውታል፤ እንጀራውንም እንደ ፓንኬክ አወፍረው፣ ዓይን አልባ አድርገው፣ ከዳር አቃጥለው ሠርተውታል። ሜኑው ላይ ያየውን ያዘዘ ደንበኛ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው ያንኑ ሊሆን ስለሚገባ፣ ከታች ያሉት መጠኖች ለጌጥ የተጻፉ አይደሉምና ሳይቀነሱ ይግቡ።

ዋናው ጽሑፍ

ለምግብ ቤት ሜኑ የተነሳ፣ እውነተኛ የሚመስል የምግብ ፎቶግራፍ። ስፋቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር የሸክላ ድስት፣ 32 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ትሪ ላይ፣ ከትሪው መሃል ጥቂት ወደ ግራ ተቀምጧል። ድስቱ ውስጥ ገና ከእሳት የወረደ ተጋቢኖ ሽሮ አለ፤ ሽሮው ወፍራም ነው፣ ቀለሙ በርበሬ የገባበት ምጥን ሽሮ የሚኖረው ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ከዳር ዳር እየተንተከተከ ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ትልልቅ አረፋዎች ሊፈነዱ ደርሰዋል። በሽሮው ጠርዝና በድስቱ ግድግዳ መካከል ቀላ ያለ ዘይት ቀጭን ቀለበት ሠርቷል። ድስቱ አፍ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ገንፍሎ የደረቀ ትንሽ የሽሮ ጠብታ ይታያል። ከድስቱ በስተቀኝ ሦስት ጥቅል የጤፍ እንጀራ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ እንጀራው ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ የሠርገኛ ጤፍ ግራጫ ቡናማ ነው፣ ዓይኖቹ ጥቃቅን፣ ብዙና እኩል የተበተኑ ሆነው ከጥቅሉ ውጭ በኩል በግልጽ ይታያሉ። ካሜራው ከምግቡ በላይ ነው፤ ነገር ግን ፍጹም ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከአናት 12 ዲግሪ ያህል ወደ ተመልካቹ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ከወዲያኛው በኩል ያለው የድስቱ የውስጥ ግድግዳ እንደ ቀጭን ጥቁር ጨረቃ ይታያል። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸሩ 5.6 ነው፤ ሽሮው፣ ጌጡና የፊተኛው እንጀራ ጥርት ብለው ይታያሉ፣ የጠረጴዛው እንጨት ግን በመጠኑ ይደበዝዛል። ብርሃኑ ከምስሉ ላይኛው ግራ ጥግ ከአንድ መስኮት ዝቅ ብሎ ይገባል፤ የጠዋት ሦስት ሰዓት ለስላሳ የቀን ብርሃን ነው፣ ሙቀቱ 5200 ኬልቪን ያህል። ጠረጴዛው ጠቆር ያለ የዋንዛ እንጨት ነው፣ አይብረቀረቅም። የምስሉ ቅርጽ ቁመቱ ከወርዱ የሚረዝም፣ አራት ለአምስት ነው።

ከአናት ቀጥ ብሎ የማንሳት ነገር ለበያይነቱ እንጂ ለተጋቢኖ አይስማማም። በያይነቱ በእንጀራው ላይ የተዘረጋ ቀለም ስለሆነ ከላይ ሲታይ ይፈካል፤ ተጋቢኖ ግን ጥልቀት ያለው ድስት ውስጥ ስላለ ፍጹም ከአናቱ ሲነሳ አንድ ቡናማ ክብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አሥራ ሁለቱ ዲግሪ የገቡት ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ሲያዘነብል ደግሞ ድስቱ ሽሮውን ይሸፍነዋል፣ የምስሉም የላይ እይታነት ይጠፋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ቸል ብሎ ምስሉን ከጎን ካወጣው፣ «ከወዲያ ያለው የድስት ግድግዳ ከሽሮው ስፋት አንድ ስምንተኛውን አይበልጥም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት።

የእንፋሎቱ ጽሑፍ

ይህ ከዋናው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል ነው። ከሽሮው ላይ ነጭና ስስ እንፋሎት በሁለት ወይም በሦስት ቀጫጭን ክሮች ይነሳል። እንፋሎቱ የሚጀምረው አረፋ ከሚፈነዳበት የሽሮው ቦታ እንጂ ከድስቱ ጠርዝ ወይም ከእንጀራው አይደለም፤ መነሻው ላይ ስስ ሆኖ፣ ከፍ ሲል ተጠማዝዞ፣ ወደ ምስሉ ላይኛው ቀኝ በኩል ሲያዘነብል ቀስ በቀስ ይበተናል። ከኋላ የሚመጣው የመስኮት ብርሃን ክሮቹን ከዳር ያበራቸዋል፤ ከበስተጀርባቸው ያለው የድስቱ ጥቁር ግድግዳና የጠቆረው ጠረጴዛ ስለሆነ ነጭነታቸው ጎልቶ ይታያል። እንፋሎቱ የሽሮውን ቀለም አይሸፍንም፣ ከሽሮው ገጽ ከአንድ አምስተኛው በላይ አይጋርድም፣ ጌጡ ላይም አያልፍም። የሻተሩ ፍጥነት አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ነው፤ ክሮቹ ቅርጻቸው ይለያል፣ ጠርዛቸው ግን እንደ ክር የተሳለ አይሆንም። እንደ ጭስ ግራጫ፣ እንደ ዕጣን ወፍራም፣ ወይም እንደ ደመና የተከመረ እንፋሎት አይኖርም።

እንፋሎት በፎቶ ላይ የሚታየው ሙቁ የውሃ ትነት ቀዝቀዝ ካለ አየር ጋር ሲገናኝ ወደ ጥቃቅን ጠብታነት ስለሚለወጥ፣ ጠብታዎቹም ከኋላ የመጣውን ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ብርሃኑ ከካሜራው ጎን ከመጣ ወይም ጠረጴዛው ነጭ ከሆነ እንፋሎቱ ቢኖርም አይታይም። ነጭ ዕብነ በረድ መሳይ ጠረጴዛ ይሁን የሚለው ሐሳብ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ያልገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ በሚነሳ ፎቶ ላይ ሌላም ችግር አለ፦ እንፋሎቱ ወደ ካሜራው ስለሚወጣ ምስሉ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። «ወደ ላይኛው ቀኝ ያዘነብላል» የሚለው ሐረግ ይህን ለማስቀረት የገባ ስለሆነ አይሰረዝ።

የጌጡ ጽሑፍ

ይህም ከዋናው ጽሑፍ ጋር የሚቀጠል ነው። ሽሮው ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በስሱ የተከተፈ አረንጓዴ ቃሪያ አምስት ቀለበት ተበትኖ ይታያል። ቀለበቶቹ አንድ ወጥ አይደሉም፤ ሁለቱ ተደራርበዋል፣ አንዱ ግማሹ ሽሮው ውስጥ ሰጥሟል፣ በሁለቱ ውስጥ ነጭ ፍሬ ይታያል። ቃሪያው አሁን የተቆረጠ ስለሆነ የተቆረጠው ጠርዙ እርጥብ ነው፣ ቆዳው ያበራል፣ ሙቀቱ ግን ገና አላጠወለገውም። ትሪው ላይ፣ በድስቱና በእንጀራው መካከል፣ በቁመቱ ተሰንጥቆ በተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም የተሞላ አንድ ሙሉ ስንግ ቃሪያ ተጋድሟል፤ ግንዱ አልተቆረጠም፣ ጫፉ ወደ ምስሉ ታችኛው ግራ ያመለክታል። በስንጉ ላይ ሁለት ሦስት የውሃ ጠብታ ብቻ አለ። በምስሉ ውስጥ ከዚህ ሌላ አረንጓዴ ነገር የለም።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የግድ ታስፈልጋለች። ፕሮግራሙ «ትኩስ ጌጥ» የሚል ብቻ ሲሰጠው ድንብላልና ፓርስሊ ይነሰንሳል፣ ሎሚ ከፍሎ ያስቀምጣል፣ አንዴ እንኳ የሮዝሜሪ ዘንግ ድስቱ መሃል ላይ እንደ ባንዲራ አቁሞ ነበር። የጥብስ ቅጠል የጥብስ ነው፤ ሽሮ ላይ ያየ ደንበኛ ወይ ይስቃል ወይ ጥብስ መስሎት ይጠይቃል። ጌጡ ከወጥ ቤቱ በእውነት የሚወጣው ቃሪያና ስንግ ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃል፣ ምክንያቱም ቀላ ያለው ቡናማ ሽሮ አጠገብ ያለ ንጹሕ አረንጓዴ ዓይንን ወዲያውኑ ይስባል።

የፍስኩ ጽሑፍ

በፍስክ ገጽ ላይ ለሚወጣው ባለ ቅቤ ተጋቢኖ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ዘይቱ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጥቶ በሚከተለው ይተካል። ሽሮው መሃል ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚሆን ንጥር ቅቤ አሁን ተጨምሮ መቅለጥ ጀምሯል፤ መሃሉ ገና ወርቃማና ድፍን ነው፣ ዙሪያው ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ወደ አረፋዎቹ ይፈሳል። የቃሪያው ቀለበቶች ከቅቤው በአንድ ጣት ያህል ርቀው ይቀመጣሉ።

ሁለቱ ምስሎች በምንም ምክንያት እንዳይቀያየሩ። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ ሜኑውን የሚያገላብጠው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቅቤ አለመኖሩን ነው፤ በጾሙ ምስል ላይ አንዲት ቢጫ ጠብታ ብትታይ አስተናጋጁ ቀኑን ሙሉ ሲያስረዳ ይውላል። በሁለቱም ምስሎች ላይ ሥጋ አይኖርም፤ ቦዘና ሽሮ የራሱ ዋጋና የራሱ ቦታ አለው።

ለማድረሻ መተግበሪያዎች

በስልክ ላይ ምስሉ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ስለሚሆን የሚከተለው አጭር ጽሑፍ ለብቻው ይግባ። ካሬ ምስል፤ ጥቁሩ የሸክላ ድስት የምስሉን ስፋት ሁለት ሦስተኛ ይይዛል፤ የሚንተከተክ ቀላ ያለ ቡናማ ተጋቢኖ ሽሮ፣ በላዩ አምስት የቃሪያ ቀለበት፣ በስተቀኝ ጫፋቸው ብቻ የሚታይ ሁለት ጥቅል እንጀራ፤ ከላይ የታየ፣ ጥቂት ያዘነበለ፤ አንድ ነጭ የእንፋሎት ክር ከድስቱ ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ በጠቆረው እንጨት ላይ ያልፋል፤ ስንጉና ትሪው አይታዩም።

በሁሉም ላይ የሚጨመር ክልከላ

በምስሉ ውስጥ እጅ፣ ሹካ፣ ቢላ፣ የቻይና መብያ እንጨት፣ የመጠጥ ብርጭቆ፣ አበባ፣ ሻማ፣ የተነሰነሰ ቅመም፣ በጨርቅ የተሠራ ማስጌጫ፣ ጽሑፍ ወይም ምልክት የለም። ሽሮው እንደ ሾርባ የቀጠነ፣ እንደ ሑሙስ ቀዝቅዞ የተቀባ፣ ወይም እንደ ቲማቲም ስጎ የቀላ አይደለም። ሙሉ ሽምብራ በሽሮው ላይ አይታይም። እንጀራው ቂጣ፣ ፒታ ወይም ፓንኬክ አይመስልም፤ ጠርዙ አልተቃጠለም፣ በላዩ ዘይት የለም። ቀለሙ ከእውነተኛው በላይ አልደመቀም፣ ሽሮውም በፕላስቲክ የተሠራ ይመስል አያብረቀርቅም።

የሚመረጠው ምስል ለሜኑው በ8 በ10 ሴንቲ ሜትር ታትሞ፣ ከወጥ ቤት አሁን ከወጣ ድስት ጎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ዋናዋ ወጥ ሠሪ እንድታየው ይደረግ። እሷ «ይሄ የኔ አይደለም» ካለች፣ የነቀፈችው ነገር በክልከላው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮ ምስሉ እንደገና ይሠራ።