ጫማው የማን ነው?

አቶ ተስፋዬ ከዚራ ወዳለው ፎቶ ቤት የመጡት ፀሐይዋ ሳትከር፣ በጠዋቱ ነበር። ልጃቸው አስቴር «አንድ የማሳይህ ነገር አለ» ከማለት በቀር ምንም ስላልነገረቻቸው፣ ለመታወቂያ እድሳት ጉርድ ፎቶ ሊነሡ መስሏቸው በድሬዳዋ ሙቀት የበዓል ኮታቸውን ደርበው ወጥተዋል። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ያለ ኮት ፎቶ አይነሣም ብለው ያምናሉ፤ ይህ እምነት ከየት እንደመጣባቸው ግን ራሳቸውም አስበውበት አያውቁም ነበር።

ሜሮን የምትባለው የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ወንበር ሰጥታቸው፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ክፈፍ አወጣች። ክፈፉን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ እሳቸውና ቤተሰቡ ጎረቤት ፎቅ ላይ ወጥተው ተርፈዋል፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ዕቃ ግን እስከ ግድግዳው ወገብ ድረስ ጭቃ ውጦት ነበር። ከዚያ ጭቃ የተገኘውን ይህን ክፈፍ ሚስታቸው ነፍሷን ይማርና ልትጥለው ስትል «ተይው» ብለው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀመጠ። ከመስታወቱ በስተጀርባ የሚታየው ቡናማ ዝቃጭ ብቻ ስለነበረ የልጅ ልጆቻቸው የካርታ ሥዕል ይመስላቸው ነበር።

«ማን ሰጠሽ?» አሉ ወደ አስቴር ዞረው።

«እኔው ነኝ ያመጣሁት፤ አትቆጣ አባዬ።»

ሜሮን ነገሩን በትዕግሥት አስረዳቻቸው። የፎቶ ወረቀት ገጽ ላይ ያለው ጄላቲን ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከመስታወቱ ጋር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ፎቶው ከመስታወቱ ላይ ቢላጥ ምስሉ አብሮ ስለሚነሣ፣ አልነካችውም፤ ውጪውን ብቻ በጥንቃቄ ጠርጋ ከነመስታወቱ በስካነር አነበበችው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ በኮምፒውተር ላይ ስንጥቁን እየገጠመች፣ ሻጋታውን ነጥብ በነጥብ እያነሣች ቆየች። ጭቃው የበላው ከታች በኩል ያለውን እንደነበረ ነገረቻቸው፤ ከጉልበት በላይ ያለው ግን ከገመተችው በላይ ተርፏል። ይህን ሁሉ ስትናገር አቶ ተስፋዬ ራሳቸውን እየነቀነቁ ቢሰሙም፣ ዓይናቸው የነበረው ጠረጴዛው ላይ በተደፋው ሌላ ወረቀት ላይ ነበር።

ገለበጠችው።

መጀመሪያ ያዩት ልጁን አልነበረም፤ ከኋላው ያለውን መጋረጃ ነበር። የግሪክ ቤት የሚመስል ዓምድና አንድ የዘንባባ ዛፍ የተሣለበት ሸራ፣ በቀኝ በኩል ጫፉ የተጠቀለለ። ይህን ሸራ ረስተውት ነበር፤ አሁን ግን የቀለሙ ሽታ ጭምር መጣባቸው። ቀስ ብለው ወደ ልጁ ተመለሱ። ጆሮው ትልልቅ፣ ፀጉሩ በውኃ ርሶ ወደ ጎን የተበጠረ፣ ኮቱ እስከ ጭኑ የደረሰ፣ እጅጌው ጣቱን የሸፈነው የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ፈገግ አላለም። በዚያ ዘመን ፎቶ ላይ ማንም አይስቅም ነበር።

«1950 ነው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ኮቱ የእኔ አይደለም፤ የፎቶ አንሺው ነው። ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅሎ ለልጅ ሁሉ ያለብሰው ነበር። አባቴ ምድር ባቡር አዋሽ አዛውሮት፣ እናቴ ‹ልጅህ አድጓል፣ እየው› ብላ ልትልክለት ነው ያነሣችኝ። ሰውዬው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ራሱን ቀብሮ ‹አትንቀሳቀስ! ብትተነፍስም ይበላሻል!› ሲለኝ በእውነት ትንፋሼን ያዝኩ።»

አስቴር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። አባቷ ስለ ልጅነታቸው በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም።

አቶ ተስፋዬ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ዓይናቸው ከልጁ ፊት ወደ ኮቱ ቁልፎች፣ ከቁልፎቹ ወደ ቁምጣው፣ ከቁምጣው ወደ ጉልበቱ ወረደ። እዚያ ሲደርሱ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ይህ ጫማ የማን ነው?»

ሜሮን ትንሽ ደነገጠች። ከታች ያለው ክፍል ፈጽሞ ስለጠፋ፣ የዘመኑን የልጆች ፎቶዎች ተመልክታ ከኮቱ ጋር ይሄዳል ብላ ያሰበችውን ባለማሰሪያ ጥቁር ጫማ እንደሣለችው ገለጸችላቸው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ የጫማው ጥላ እንኳ ወለሉ ላይ በትክክል ወድቋል።

«አውልቂልኝ» አሉ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ጫማውን አውልቂልኝ ልጄ። እኔ ባዶ እግሬን ነበርኩ። ፎቶ አንሺው ኮት እንጂ ጫማ አልነበረውም። እናቴ አፈረችና ‹አንዱን እግርህን በአንዱ ላይ አድርገህ ደብቀው› አለችኝ። እግር በእግር ይደበቃል? እኔ ግን ደበቅሁ። አባቴ ፎቶው አዋሽ ሲደርሰው መጀመሪያ ያየው እግሬን ነው። ለፋሲካ ሲመጣ የሸራ ጫማ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ፤ በሁለት ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። እዚህ ጫማ ካደረግሁ እሱ ምን ሊያመጣልኝ ነው?»

ለጥቂት ጊዜ የተሰማው ከውጭ የሚያልፈው የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነበር። ሜሮን ያለ ንግግር ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። የሠራችውን ሁሉ በተለያየ ንብርብር ስላስቀመጠችው ጫማውን ለመደበቅ አንድ ጊዜ መንካት በቃት። ከሥሩ ያልተነካው ምስል ወጣ፤ ጭቃ የመሰለ ጥቁረት፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ሻጋታ ብላ ያጠፋችው ባቄላ የሚያህል ነጣ ያለ ነጥብ። አጎላችው። ደግማ አጎላችው። ከነጥቡ አናት ላይ ሌላ ቀጭን መስመር ነበር፤ ጥፍር ሊሆን የሚችል።

«ጋሼ፣ የትኛው እግር ነበር ከላይ?»

አቶ ተስፋዬ መልስ አልሰጡም። ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱና ግራ እጃቸውን ወንበሩ ላይ ደግፈው፣ ቀኝ ጫማቸውን በሌላው እግራቸው ተረከዝ ገፍተው አወለቁ፤ ካልሲያቸውንም አጎንብሰው አወጡ። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን በግራው ላይ ጭነው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙ። ኮቱ በዚህኛው ጊዜ ልካቸው ነበር።

ሜሮን አንዴ እግራቸውን፣ አንዴ ስክሪኑን አየች። ነጥቡ ያለው በትክክል የቀኝ አውራ ጣት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ነበር።

«አባዬ ተው፣ ትወድቃለህ!» አለች አስቴር ልትይዛቸው ተነሥታ።

«ዝም በይ እስቲ» አሉ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ። «ሰውዬው አትንቀሳቀስ ብሏል።»