የአምስት ቀን የአዲስ አበባ ቆይታ፦ ለእትዬና ለጋሼ

እትዬ፣ ጋሼ፣ መምጫችሁ ደረሰ። ማክሰኞ ማታ ከድሬዳዋ ስትገቡ አውሮፕላን ማረፊያ እጠብቃችኋለሁ። ማደሪያችሁ አምስት ኪሎ ነው፤ የጋሼን ጉልበት አስቤ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ይዣለሁ።

የአምስቱም ቀን አካሄድ አንድ ነው። ጠዋት በርትተን እንዞራለን፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ እንበላለን፣ ከዚያ እስከ 11 ሰዓት የእናንተ ነው፤ ተኙ፣ ሬዲዮ ስሙ፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሙቁ። አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ በጉብኝት ሳይሆን በግብዣ ነው የሚደክመው፤ «ለአንድ ሲኒ ቡና ብቻ» እየተባለ ከሰዓት በኋላው ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ ለቤተ ዘመዱ በሙሉ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ በቀን አንድ ቤት ብቻ ብዬ ነግሬያለሁ። የሚቀየም ካለ በእኔ ይቀየም። በዕረፍት ሰዓት ስልካችሁንም እኔ ነኝ የምይዘው።

ረቡዕ። ቀላሉን አስቀድሜያለሁ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚህ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፤ ውኃ ጠጡ፣ በዝግታ ተራመዱ። 3 ሰዓት ላይ ብሔራዊ ሙዚየም በእግር እንሄዳለን። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት ናት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ቢሆንም ቁመቷ ስታዩት ያስገርማችኋል፤ የሕፃን ልጅ ያህል ናት። ምሳ የጾም በያይነቱ።

ሐሙስ። መራመድ የሚበዛበት ቀን ነው። 2 ሰዓት ተኩል ታክሲ እጠራለሁ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ እናያለን። ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም እንይ አንበል፤ ጋሼ የሚመርጡትን ሁለት ሰዓት እናይና እንወጣለን። አጠገቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ። ንግሥት ዘውዲቱም ጃንሆይም የነገሡበት ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌን ሥራዎችም ውስጡ ታገኛላችሁ። ምሳ ጥብስ ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለዚህ ቀን ነው። የዚህን ቀን ዕረፍት በተለይ አደራ እላለሁ፣ ማታም ማንም ቤት አንሄድም።

ዓርብ። ስድስት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም። ቅርብ ቢሆንም ዳገት ስለሆነ በታክሲ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ጠዋት ነው። ሕንፃው የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ መኝታ ቤታቸውን ታያላችሁ። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ሚኒስትሮቹና መኳንንቱ የተገደሉትም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ደጁ ላይ ጣልያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስቶችን አንድ የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል። ጣልያን ከወጣ በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት፤ ከግርጌው ቀና ብላችሁ እዩት። እትዬ፣ ግራዚያኒ ላይ ቦምቡ የተወረወረው በዚህ ግቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት የቆመው ሐውልት ደግሞ ፊት ለፊት፣ አደባባዩ ላይ ነው። እዚያ ረጋ ብለን እንቁም። ከዚህ በላይ ለዓርብ ምንም አልጨመርኩም።

ቅዳሜ። እንጦጦን እስከዚህ ያቆየሁት ሰውነታችሁ ከፍታውን እንዲለምድ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። 1 ሰዓት ተኩል እንውጣ። የጥቅምት ጠዋት ብርድ ኃይለኛ ስለሆነ ጋቢ ያዙ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን፣ ባሕር ዛፉ ሥር ትንሽ ተቀምጠን እንወርዳለን። ስንመለስ ሽሮ ሜዳ ላይ እትዬ ነጠላና ቀሚስ ይመርጣሉ። ዋጋ መከራከሩን ለእኔ ይተዉልኝ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምተው ዝም ይበሉ። ጋሼ በዚያ ጊዜ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ።

እሑድ። 12 ሰዓት ላይ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እናስቀድሳለን። የጃንሆይና የእቴጌ መነን መቃብር ውስጥ ነው፤ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ እናየዋለን። 4 ሰዓት ላይ እኔ ቤት ቡና ይፈላል፤ ያልሄዳችሁበት ዘመድ ሁሉ እዚያ ይመጣል። ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው ትተኛላችሁ፣ በረራው ማታ ስለሆነ 10 ሰዓት እቀሰቅሳችኋለሁ።

አንድነት ፓርክን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ቤተ መንግሥቱንና ግቢውን በደንብ ለማየት ሙሉ ቀን ይፈልጋል። መርካቶም ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የእትዬ የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይግባ። ጋሼ፣ የለመዱትን ጫማ ያድርጉ፤ አዲሱን እዚያው ይተዉት።