የባሌ ጉዞ ስንቅ፤ ከጥር 15 እስከ 17፣ ለአራት ሰው

ሰላም ጓዶች። ፈረስ አንከራይም ብላችሁ ስለወሰናችሁ እያንዳንዱ ግራም በጀርባችን ነው። ጠቅላላው 8 ኪሎ ገደማ ሆኗል፤ ለየሰው 2 ኪሎ። ሐሙስ ማታ ዲንሾ ላይ ተካፍለን እንይዛለን።

አርብ ጾም ነው። ምሳ እንጀራ በአዚፋ፣ ጠዋት ዲንሾ ተጠቅልሎ የሚያዝ። አዚፋው ሽንኩርት ስላለበት ለማታ አይተርፍም፣ ጠራርጋችሁ ብሉት። ከዚያ ወዲያ እንጀራ የለም፤ ውሃ ተሸክሞ ለመሻገት ምን አደከመን! ማታ ሶዶታ ላይ ሽሮ በድርቆሽ። ሽሮውን ለአምስት ሰው ነው የምሠራው፤ መሪያችን የራሱን ስንቅ ቢይዝም ቅዳሜ ቋንጣችንን ላይበላልን ይችላል፣ የጾሙን ግን አብረን እንቆርሳለን።

ቅዳሜ ቁርስ ጭኮ በሻይ። ቅቤው በብርዱ ድንጋይ ስለሚሆን ማታውኑ በጃኬታችሁ ጠቅልሉት። ምሳ ድፎ ዳቦና ሐሙስ የተቀቀለ እንቁላል፣ ለየሰው ሁለት። ቅርፊቱን ቀድማችሁ እንዳትልጡ፣ ሳይላጥ ነው የሚቆየው። እራት የቋንጣ ፍርፍር፤ 300 ግራም ቋንጣ፣ ግማሽ ኪሎ ድርቆሽ። እሑድ ጠዋት የተረፈው ጭኮ፣ ምሳ በሶ ጭብጦና የድፎው ትራፊ። ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ለየሰው 300 ግራም በየኪሳችሁ ይሁን፤ ቴምሩ እኔ ጋ ነው።

ምስርና ባቄላ ለምን አልያዝክም ያላችሁኝ፦ 3,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ግድም ነው። ይንፈቀፈቃል እንጂ ቶሎ አያበስልም፣ ጋዙ ያልቃል ባቄላው ጥርስ ይሰብራል። ሽሮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ግን አንዴ በእሳት ያለፉ ወይም የደረቁ ስለሆኑ ብዙ መፍላት አይፈልጉም። በአራቱ የምድጃ ጊዜ 12 ሊትር ያህል እናፈላለን። በነፋሱ ምክንያት ለሊትር 15 ግራም ብዬ ሳሰላ 180 ግራም ጋዝ ይወጣል። ባለ 230 ግራሙ አንዱ ይበቃ ነበር፣ ሽሮው ስለሚንተከተክ ግን ሁለት እንይዛለን። ማታ የጋዙን ጣሳ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይዛችሁ ተኙ፤ ከቀዘቀዘ እሳቱ ይደክማል። የመጠጥ ውሃ አናፈላም፣ ውሃ አጋር ጠብ አድርገን ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። አስታ ቆርጦ ማንደድ አይታሰብም።

ፍርፋሪ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ የእንቁላል ቅርፊት እንኳ። ፍርፋሪ የመንደር ውሻ ይጠራል፣ ውሻው ደግሞ ለቀይ ቀበሮው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞለት ይመጣል። ለዚህ አንድ ባዶ የበሶ ከረጢት መድቤአለሁ።

ድስትና ምድጃ ያለሽው ልጅ ክዳኑን እንዳትረሺ፤ ክዳን ከሌለ የሠራሁት የጋዝ ሂሳብ ውሸት ነው። በርበሬና ጨው ከእናቴ ጓዳ ነው።